ያልተያዙትን መቁጠር

በአንድ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ስንት አይጥ አለ? ገበሬው የተቆረጠውን ቡቃያና የተጋጠውን እሸት አይቶ “ዘንድሮስ በዝቷል” ይላል፤ አልተሳሳተም። ሰብል ጥበቃ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ግን ከዚያ አልፎ ማወቅ የሚፈልገው ነገር አለ። የበዛው ከአምናው በእጥፍ ነው ወይስ በአምስት እጥፍ? መርዝ ከተደረገ በኋላ ቁጥሩ በእርግጥ ወርዷል ወይስ አይጦቹ ለጊዜው ተደብቀው ነው? ይህን ለመመለስ ቁጥር ያስፈልጋል። አይጥ ደግሞ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ውሎ ሌሊት የሚወጣ እንስሳ ስለሆነ አሰልፎ መቁጠር አይቻልም። በወጥመድ የተያዘው ቁጥር ማሳው ውስጥ ካለው ሁልጊዜ ያንሳል፤ በስንት እንደሚያንስ ግን ወጥመዱ አይናገርም።

የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ለዚህ ችግር ያላቸው መልስ ሁለት ጊዜ መያዝ ነው። መጀመሪያ የተያዙትን ምልክት አድርጎ መልቀቅ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ማጥመድ፣ ከዚያም በሁለተኛው ዙር ከተያዙት ውስጥ ምልክት ያላቸው ስንት እንደሆኑ ማየት ነው። ስሌቱን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። የሚከብደው ስሌቱ እንዲያምኑት የሚያደርጉት ሁኔታዎች መሟላታቸውን ማወቅ ነው።

ሥራው መስክ ላይ ምን እንደሚመስል እንይ። በአገራችን በሚደረጉ የአይጥ ጥናቶች የተለመደው አሠራር 70 ሜትር በ70 ሜትር የሆነ ቦታ መርጦ በሰባት ረድፍ፣ በየረድፉ ሰባት፣ በድምሩ 49 ወጥመድ መዘርጋት ነው። በወጥመድና በወጥመድ መካከል 10 ሜትር ያህል ይተዋል። ወጥመዱ ሸርማን የሚባለው፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል የሆነ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ውስጡ የኦቾሎኒ ቅቤና የገብስ ዱቄት የተለወሰ ማባበያ ይደረጋል። አይጧ ገብታ ወለሉ ላይ ያለውን ምላስ ስትረግጥ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል፤ አትጎዳም። ፀሐይ ቆርቆሮውን ከማጋሏ በፊት ጠዋት በማለዳ ወጥመዶቹ ይታያሉ። የተያዘችው በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ተገልብጣ ትመዘናለች፣ ፆታዋ ይታያል፣ ምልክት ይደረግባታል፣ ከዚያም እዚያው በተያዘችበት ቦታ ትለቀቃለች። ምልክቱ ለአጭር ጊዜ ጥናት ከሆነ ከጀርባዋ ጠጉር በመሸለት፣ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ያለው ትንሽ ብረት በማድረግ ይሆናል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲያመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዙር፣ በሦስት ሌሊት፣ 40 የተለያዩ አይጦች ተይዘው ምልክት ተደርጎባቸው ተለቀቁ እንበል። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ በሁለተኛው ዙር፣ እንዲሁ በሦስት ሌሊት፣ 45 አይጦች ተያዙ። ከ45ቱ ውስጥ 15ቱ ምልክት አላቸው፤ 30ዎቹ አዲስ ናቸው።

በሁለተኛው ዙር ከተያዙት ሲሶው ምልክት አላቸው ማለት ነው። እነዚህ 45 አይጦች ማሳው ውስጥ ላሉት ሁሉ ትክክለኛ ናሙና ከሆኑ፣ በጠቅላላው ማሳም ምልክት ያላቸው ሲሶ መሆን አለባቸው። ምልክት ያላቸው ደግሞ 40 መሆናቸውን እናውቃለን፤ ያደረግንባቸው እኛ ነን። 40 ሲሶ ከሆነ ጠቅላላው 120 ነው። በአጭሩ ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
N = M × C / R = 40 × 45 / 15 = 120
```

M በመጀመሪያ ምልክት የተደረገባቸው፣ C በሁለተኛው ዙር የተያዙት፣ R ከእነሱ ውስጥ ምልክት ያላቸው፣ N የምንፈልገው ጠቅላላ ብዛት ነው። በሁለቱም ዙር በእጃችን የገቡት የተለያዩ አይጦች 70 ብቻ ናቸው። የቀሩትን 50 ማንም አላያቸውም፤ መኖራቸውን የነገረን በተያዙትና በዳግም በተያዙት መካከል ያለው ምጥጥን ነው።

ሐሳቡ ከእንስሳት በፊት ሰው ላይ ተሞክሯል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ሲሞን ላፕላስ በ1802 የፈረንሳይን ሕዝብ ቁጥር ለመገመት የተመረጡ አካባቢዎችን ነዋሪዎች አስቆጠረና ከየአካባቢው የልደት መዝገብ ጋር አስተያየ። በዓመት ለሚመዘገብ ለአንድ ልደት 28.35 ያህል ነዋሪ እንዳለ አገኘ፤ በአገሪቱ በዓመት የሚመዘገበውን አንድ ሚሊዮን ያህል ልደት በዚህ አባዝቶ ከ28 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ግምት ሰጠ። በልደት መዝገብ ላይ መጻፍ እዚህ ጋ የምልክቱን ሥራ ሠርቷል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዴንማርካዊው የዓሣ ተመራማሪ ዮሃንስ ፒተርሰን ዓሦች ላይ ምልክት እያደረገ መልቀቅ ጀመረ፤ በ1930 ደግሞ አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ሊንከን አዳኞች ከገደሏቸው ዳክዬዎች እግር ላይ የሚመልሱትን ቀለበት ተጠቅሞ የዳክዬዎችን ብዛት አሰላ። ስሌቱ ዛሬም የሚጠራው በሁለቱ ስም ነው።

120 ስንል ግን ልክ 120 ማለታችን አይደለም። በሁለተኛው ዙር የትኛዋ አይጥ ወጥመድ እንደምትገባ በከፊል የዕድል ጉዳይ ነው። ምልክት ካላቸው አንዷ ባትገባና 14 ቢሆኑ ግምቱ 129 ይሆናል፤ አንዷ ተጨምራ 16 ቢሆኑ 112 ወይም 113 ይሆናል። ዳግም የተያዙት ቁጥር ሲያንስ ይህ መወዛወዝ ከልክ ያልፋል። 10 አይጥ ምልክት አድርገን፣ በሁለተኛው ዙር 12 ይዘን፣ ምልክት ያላቸው ሁለት ቢሆኑ ግምቱ 60 ነው፤ አንድ ብቻ ቢሆን 120። በአንዲት አይጥ መግባትና አለመግባት መልሱ እጥፍ ሆነ። ምንም ካልተገኘ ደግሞ ስሌቱ በዜሮ ማካፈል ስለሚሆን መልስ የለውም።

ይህን ለማረም ዳግላስ ቻፕማን በ1951 ያቀረበው ማስተካከያ ዛሬ በስፋት ይሠራበታል። በናሙናው ማነስ ምክንያት ግምቱ ወደ ላይ የማዘንበል ጠባይ ስላለው እያንዳንዱ ቁጥር ላይ አንድ ይጨመርና በመጨረሻ አንድ ይቀነሳል፦

```
N = (M + 1) × (C + 1) / (R + 1) − 1
  = 41 × 46 / 16 − 1 ≈ 117
```

ከዚሁ ጋር የሚሰላው የስህተት መጠን ለምሳሌያችን 18 ያህል ነው። ስለዚህ መልሱ “117፣ ምናልባትም ከ82 እስከ 152 ባለው ውስጥ” ተብሎ ይጻፋል። ሰፊ ነው። ለማጥበብ ያለው መንገድ ብዙ መያዝ ነው። በሁለቱም ዙር 70፣ 70 አይጥ ተይዞ 41ዱ ዳግም የተያዙ ቢሆኑ ግምቱ 119 ሆኖ ክልሉ ከ104 እስከ 134 ይጠብባል። ስለዚህ የጥናት ሪፖርት ስናነብ መጀመሪያ የምንፈልገው ቁጥር ጠቅላላ ግምቱን ሳይሆን ዳግም የተያዙትን ነው።

ብዙ መያዝ የዕድልን መወዛወዝ ይቀንሳል። ስሌቱ የቆመባቸው ታሳቢዎች ከተናጉ ግን ምንም ያህል ቢያዝ መልሱ አይቃናም፤ የተሳሳተውን ቁጥር ይበልጥ እርግጠኛ ያስመስለዋል። ታሳቢዎቹ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ በሁለቱ ዙሮች መካከል ማሳው የተዘጋ መሆኑ ነው። የሚወለድ፣ የሚሞት፣ የሚገባ፣ የሚወጣ የለም ማለት ነው። ሞት ብቻውን ያን ያህል አያበላሽም፤ ምልክት ያላቸውና የሌላቸው እኩል እስከሞቱ ድረስ ምጥጥኑ ስለማይለወጥ ግምቱ የመጀመሪያውን ዙር ብዛት ያሳያል። አዲስ የሚገቡት ግን ምልክት የሌላቸውን ያበዛሉ፤ ያኔ ግምቱ የሚገልጸው የሁለተኛውን ዙር ብዛት ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ከተከሰቱ ቁጥሩ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም አይወክልም፤ ከሁለቱም ይበልጣል። በዙሮቹ መካከል ያለው ጊዜ በቀናት የሚለካው ለዚህ ነው። ከውጭ የሚገቡ መኖራቸውን ለመጠርጠር ወጥመዶቹን በቦታቸው ማየት ይረዳል፤ በጠርዝ ባሉት ወጥመዶች የሚያዙት አብዛኞቹ አዲስ፣ መሀል የሚያዙት ግን ምልክት ያላቸው ከሆኑ አይጦቹ ከአጎራባች ማሳ እየተሻገሩ ነው።

ሁለተኛው፣ ምልክት አለመጥፋቱና ሲታይም አለመታለፉ ነው። በምሳሌያችን ዳግም ከተያዙት 15 ውስጥ አምስቱ የጆሮ ብረታቸውን ጥለው ቢሆን ኖሮ 10 ብቻ ቆጥረን ግምቱን 180 እናደርሰው ነበር። መፍትሔው በእያንዳንዷ አይጥ ላይ ሁለት ምልክት ማድረግ ነው፤ በሁለቱም ጆሮ። በሁለተኛው ዙር አንዱ ብቻ የቀራቸው ስንት እንደሆኑ ሲታወቅ ሁለቱንም የጣሉ ስንት ሊሆኑ እንደሚችሉ ይሰላል።

ሦስተኛው፣ ምልክት የተደረገባቸው ከሌሎቹ ጋር መቀላቀላቸው ነው። ያልተማሰለ ወጥ ጨው ቢቀመስ እንደ ጭልፋው አገባብ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል። አይጥም በተያዘችበት ጉድጓድ አካባቢ ስለምትውል፣ የመጀመሪያው ዙር ወጥመድ ማሳው አንድ ጥግ ላይ፣ ሁለተኛው ሌላው ጥግ ላይ ቢዘረጋ ምልክት ያላት አይጥ ላትገኝ ትችላለች። ወጥመዶቹን በቦታው ሁሉ እኩል መበተን ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አራተኛውና ዋናው፣ እያንዳንዷ አይጥ የመያዝ ዕድሏ እኩል መሆኑ ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ጥናት የሚሰናከለው። አንዳንዷ አይጥ ወጥመድ ውስጥ የኦቾሎኒ ቅቤ ስትቀምስ ትለምድና በየሌሊቱ ትመለሳለች። በዚህ ምክንያት በምሳሌያችን ዳግም የተያዙት 25 ቢሆኑ ግምቱ ወደ 72 ይወርዳል። ሌላዋ ደግሞ አንዴ ተይዛ ስትደነግጥ ወጥመዱን ትሸሻለች፤ ያኔ ዳግም የሚያዙት ያንሱና ግምቱ ያለቅጥ ያድጋል። ወጥመዱ ሳይለውጣቸውም ከተፈጥሯቸው የሚለያዩ አሉ። ሩቅ የሚዞር ወንድ ብዙ ወጥመድ ያገኛል፤ ጫጩቶቿን የምታጠባ እናት ከጉድጓዷ ብዙም አትርቅም። በቀላሉ የሚያዙት በሁለቱም ዙር ይደጋገማሉ፤ አስቸጋሪዎቹ በአንዱም አይታዩም። በዚህ ጊዜ ግምቱ ሁልጊዜ ከእውነቱ ያንሳል።

አንድ ነገር ግን ሸክሙን ያቀልላል። እኩልነቱ ቢያንስ በአንዱ ዙር ከተሟላ ይበቃል። ለምሳሌ በመጀመሪያው ዙር በወጥመድ ምልክት አድርጎ በሁለተኛው ዙር ማባበያ በሌለው ካሜራ ማየት፣ ወጥመድ ወዳድነቱ ወደ ሁለተኛው ዙር እንዳይሻገር ያደርጋል። በነብርና በመሰል እንስሳት ጥናት ላይ ካሜራ የተመረጠው በከፊል ለዚህ ነው፤ የእያንዳንዱ ነብር ነጠብጣብ ከሌላው ስለሚለይ ምልክት ማድረግም አያስፈልግም።

ይህ የአራተኛው ታሳቢ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚታወቅበት አንድ ሙከራ አለ። ኤድዋርድስ እና ኤበርሃርት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1967 ባሳተሙት ጥናት 135 የዱር ጥንቸሎችን በታጠረ ቦታ ውስጥ ለቀቁ። እውነተኛው ብዛት አስቀድሞ ታወቀ ማለት ነው፤ በተፈጥሮ ሜዳ ላይ ይህ ዕድል አይገኝም። ከዚያ ለ18 ተከታታይ ሌሊቶች አጠመዱና ያገኙትን መዘገቡ። መግቢያና መውጫ የለም፤ ቦታው የተዘጋ ነው። ከአራቱ ታሳቢዎች ለጥርጣሬ የሚቀረው በተለይ የመያዝ ዕድል እኩልነት ነው።

በ18 ሌሊት በድምሩ 142 ጊዜ ጥንቸል ተያዘ፤ የተለያዩት ጥንቸሎች ግን 76 ብቻ ነበሩ። 59ኙ አንድ ጊዜም አልተያዙም። ከተያዙት ውስጥ 43ቱ አንድ ጊዜ፣ 16ቱ ሁለት ጊዜ፣ 8ቱ ሦስት ጊዜ፣ 6ቱ አራት ጊዜ ተይዘዋል፤ ስድስት ጊዜ የተያዙ ሁለት፣ ሰባት ጊዜ የተያዘ አንድ ጥንቸልም ነበር።

ሁሉም ጥንቸል በየሌሊቱ እኩል የመያዝ ዕድል አለው ብለን ብናሰላ ከእነዚህ ቁጥሮች የሚወጣው ግምት 97 ያህል ነው። ከእውነቱ በ38 ያንሳል። 18 ሌሊት ያህል ተደክሞ የተገኘ፣ ሲያዩት አስተማማኝ የሚመስል፣ ግን የተሳሳተ ቁጥር ነው። የሜዳ ላይ ተመራማሪ ቢሆን ኖሮ እውነተኛውን 135 ስለማያውቅ በ97 ተማምኖ ይሄድ ነበር።

መሳሳቱ ግን ራሱ መዝገቡ ውስጥ ይታያል፤ 135ን ማወቅ ሳያስፈልግ። የመያዝ ዕድሉ በእርግጥ እኩል ቢሆን ኖሮ ከ97 ጥንቸሎች አንድ ጊዜ የሚያዙት 34፣ ሁለት ጊዜ የሚያዙት 25፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያዙት 5 ያህል መሆን ነበረባቸው። የተገኘው ግን 43፣ 16 እና 9 ነው። አንዴ ብቻ የተያዙት በዝተዋል፣ ደጋግመው የተያዙትም በዝተዋል፣ መሀሉ ሳስቷል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሁለት ዓይነት ጥንቸል እንዳለ ይናገራል፦ ወጥመድ የሚያዘወትርና በአጋጣሚ ብቻ የሚገባ። በአጋጣሚ ብቻ የሚገቡት ብዙ ከሆኑ ደግሞ ጭራሽ ያልገቡ መሰሎቻቸውም ብዙ ናቸው።

የታይዋኗ የስታቲስቲክስ ሊቅ አን ቻኦ በ1987 ያቀረቡት ስሌት የተነሳው ከዚህ አስተሳሰብ ነው። ስላልተያዙት ብዙ የሚናገረው አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ ብቻ የተያዙት ቁጥር ነው፤ ስድስትና ሰባት ጊዜ የተያዙት ስለራሳቸው እንጂ ስለተሰወሩት የሚነግሩን ነገር የለም። ስሌታቸው አንድ ጊዜ የተያዙትን በራሱ አባዝቶ፣ ሁለት ጊዜ የተያዙትን እጥፍ ያካፍልበታል፦

```
ያልተያዙ = 43 × 43 / (2 × 16) ≈ 58
ጠቅላላ   = 76 + 58 = 134
```

እውነቱ 135 ነበር። እንዲህ መቀራረቡ በከፊል የአጋጣሚ ጉዳይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ይህ ስሌት የሚሰጠው ዝቅተኛውን ወሰን ነው፤ “ከዚህ አያንስም” ይላል እንጂ “ይህን ያህል ነው” አይልም። ጭራሽ ወጥመድ የማይቀርቡ ጥንቸሎች ካሉ በየትኛውም ስሌት አይገኙም። ቢሆንም 97 ብሎ ከማረፍና “ቢያንስ 134” ከማለት መካከል ያለው ልዩነት ሌላ ወጥመድ በመግዛት የተገኘ አይደለም። የተገኘው እያንዳንዱ እንስሳ ስንት ጊዜ እንደተያዘ ለብቻው ተመዝግቦ በመቀመጡ ነው።

ለዚህም ነው ጠጉር መሸለት ለሁለት ዙር ቢበቃም ከዚያ ለሚያልፍ ጥናት በቂ የማይሆነው። የተሸለተች አይጥ “ከዚህ በፊት ተይዣለሁ” ብቻ ነው የምትለው፤ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ያላት ግን መቼ፣ የት፣ ስንት ጊዜ እንደተያዘች ትናገራለች። በየበቆሎ ማሳው የሚያጠምድ ባለሙያ በሦስት ሌሊት ፋንታ ለአምስት ወይም ለሰባት ሌሊት በቁጥር ምልክት እያደረገ ቢመዘግብ፣ የአይጦቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን ግምቱ የሚታመን መሆን አለመሆኑን ከራሱ መዝገብ ያነባል። በሪፖርቱም ከግምቱ ጎን ሦስት ነገር ያስቀምጥ፦ ዳግም የተያዙትን ቁጥር፣ ግምቱ የሚያርፍበትን ክልል፣ እንዲሁም አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ የተያዙት ስንት ስንት እንደሆኑ። አንባቢው በእነዚህ ስሌቱን ራሱ ደግሞ ሊሠራውና ታሳቢው የተናጋበትን ቦታ ሊያገኝ ይችላል።